ከነደባ ላይ የሚታየው ኬክ



በዚህ እትም የምንጽፈው ስለ ኬክ ሥዕል ነው። ልደት ማክበርን በተመለከተ ዑለማኦች ያሉትን ለማንሳት አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ አቅሙ ያላቸው ይጻፉበት። እኛ ግን ከግቢ ወጥተን ጁገል ውስጥ ሁለት ክፍል የተከራየን አምስት እህቶች ነን፤ ባለፈው ዓመት የአከራዮቻችን የሰባት ዓመት ልጅ ልደት ሲቃረብ ኬኩን የመምረጥ ኃላፊነት በእኛ ላይ ወደቀ። ምክንያቱም ቀላል ነበር። «እናንተ ስልክ ታውቃላችሁ» አሉን የቤቱ እናት። አባትየው ጅዳ ነው የሚሠራው፤ ለዝግጅቱ ኬክ የላከው 4,500 ብር ነበር። እናትየውም ብሩን ሲሰጡን «ከዚህ በላይ አንድ ብር የለም፤ ልጅቷም እንዳታለቅስብኝ» አሉን። ሁለቱንም ባንድ ላይ መፈጸም እንዴት እንደሚቻል ለማወቅ አንድ ሳምንት ፈጀብን።

ስልካችን ላይ ከቴሌግራም ቻናሎች የሰበሰብናቸው ሥዕሎች ከሠላሳ ይበልጡ ነበር። ልጅቷ ከነሱ መካከል በአንዴ የያዘችው ባለ ሦስት ፎቅ ሮዝ ቤተ መንግሥት ነው። ግንቦቹ ቀጥ ያሉ፣ ጫፋቸው ሹል፣ በላያቸው ባንዲራ ያለባቸው። እኛ ደግሞ ከመሃላችን አንዷ የመረጠችው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ኬክ ነበር። ሌላዋ ልጅቷን ፎቶ አንስተን ፎቶው ኬኩ ላይ እንዲታተም ፈለገች። የቀረነው ሁለት ሦስታችን ስለ አበባና ስለ «7» ቁጥር ቅርጽ ስንከራከር ነበር።

በመጀመሪያ የተማርነው የኬክ ሥዕል እንደ ፎቶ ብቻ መታየት እንደሌለበት ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ከምን እንደተሠራ ማንበብ ይቻላል። ሥዕሎቹን ይዘን ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ኬክ ቤት ስንሄድ፣ ጋጋሪው ስልኩን ከእጃችን ተቀብለው ሥዕሉን በጣታቸው አጉልተው ጠርዙን ማየት ጀመሩ። «ጠርዙን እዩት» አሉን። «እንደ ሳጥን ጥርት ያለ፣ የማያብለጨልጭ ከሆነ ፎንዳንት ነው፤ እንደ ሊጥ ተዳምጦ የሚለበስ የስኳር ልባስ ማለት ነው። ለስለስ ያለ፣ የማንኪያ ወይም የቧንቧ መስመር የሚታይበት ከሆነ ክሬም ነው። መልክሽን የሚያሳይሽ ከሆነ ደግሞ የመስታወት ልባስ ነው።» ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመልሰው ሳቁ። «አቦ፣ ይሄ እኮ ኬክ አይደለም! ፎሙ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። በየኬክ ቤቱ መስኮት የምናያቸውና በየቻናሉ የሚለጠፉት ረጃጅም ባለ ብዙ ፎቅ ኬኮች ብዙዎቹ ውስጣቸው ነጭ ፎም ነው፤ ፎንዳንት ለብሶ ለወራት ይቆያል። ምልክቱም ይታወቃል፤ በጣም ረጅምና ቀጭን ሆኖ አንድም ቦታ አይንጋደድም፣ የተቆረሰበት ፎቶ የለውም፣ የታችኛው ፎቅ የላዩን ክብደት ተሸክሞ እንኳ ትንሽ አያብጥም። እውነተኛ ኬክ ሲደራረብ ግን ክብደት አለው። ፎቅ ላይ ፎቅ ለመትከል በታችኛው ውስጥ ቋሚ ዘንጎች ገብተው ከላያቸው ጠፍጣፋ ካርቶን ይደረጋል፤ ካልሆነ ላይኛው ቀስ እያለ ወደ ታችኛው ይሰምጣል።

ቤተ መንግሥቱ በእውነተኛ ኬክ ቢሠራ ስንት ይሆናል ብለን ጠየቅን። ሦስት ፎቅ ቅርጹን ጠብቆ እንዲቆም ቢያንስ 6 ኪሎ ያስፈልጋል አሉን፤ በፎንዳንት ኪሎውን የሚሠሩት በ1,700 ብር ነበር። 10,200 ብር ማለት ነው። ሁለቱን የላይ ፎቆች በፎም አድርገን የታችኛውን ብቻ እውነተኛ እናድርገው የሚል ሐሳብም አቀረቡልን። ዋጋው ቀነሰ፣ ነገር ግን የጠበቅነውን ያህል አልነበረም፤ ፎሙም ፎንዳንት ይለብሳል፣ የሥራ ሰዓትም ይበላል። ከሁሉ በላይ ግን ሃያ ሁለት ሕፃናት ፊት ግንብ አቁመን «ይሄኛው አይበላም» ማለት አስጠላን።

ሰማያዊው የመስታወት ኬክ የወደቀው በሌላ ምክንያት ነው። ያ ብልጭታ የሚመጣው ከጀላቲን ነው። ጀላቲን ደግሞ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ከከብትም፣ ከአሳማም፣ ከዓሣም ሊሆን ይችላል። ጋጋሪው ያላቸውን እሽግ አምጥተው አሳዩን። «ጀላቲን» ከሚለው ቃል ሌላ ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ነገርም፣ የሐላል ምልክትም አልነበረውም። እሳቸውም አልተከራከሩንም፣ «ካላመናችሁት አልሠራላችሁም» ብለው መለሱት። ፎንዳንትም ውስጥ አንዳንዴ ጀላቲን ስለሚገባ እሱንም ቢሆን እሽጉን ማየት ይገባል። ሌላ አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱንም ብዙ ሰው አይጠይቅም። ኬኩ እንዳይደርቅ የሚረጭበት የስኳር ውሃ ውስጥ ምን ይገባል? አንዳንድ ቤት የሮም መጠጥ ጠብ ያደርጉበታል። እኛ ዘንድ ስኳር፣ ውሃና ሎሚ ብቻ መሆኑን አረጋገጥን።

የፎቶ ህትመቱን ያነሳነው ከልጅቷ አያት ጋር ስንማከር ነው። የሚበላው ወረቀት ከሌላ ከተማ ታዝዞ እስኪመጣ ቀኑ ያልፋል፤ ያ ባይሆን እንኳ አያትየው «የልጄን ፊት በቢላ ማን ይቆርጠዋል?» ሲሉ ነገሩ አበቃ። እናትየው ደግሞ በላዩ «ማሻአላህ» ይጻፍበት ብለው ነበር፤ አያትየው እሱንም አልተቀበሉም። የአላህ ስም ተቆርሶ ፍርፋሪው ምንጣፍ ላይ እንዲወድቅ አይፈልጉም። ስለዚህ የልጅቷ ስም ብቻ ይጻፍ ተባለ።

በዚያው ቀን ማታ አያትየው ሌላም ነገር ተናገሩ፤ ምርጫችንን የቀየረው እሱ ነው። የሐረሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ ዋናው ክፍል ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ የለም። እንግዳ የሚቀመጠው ከፍና ዝቅ ባሉት የጭቃ መደቦች፣ በነደባዎቹ ላይ ነው። አምስት ናቸው፤ የአሚር ነደባ አለ፣ ትልቁ አለ፣ ትንሹ አለ፣ ከበሩ ኋላ ያለውም ቦታ የራሱ ስም አለው። ኬኩ የሚቀመጠው መሃል ላይ፣ ዝቅ ባለው ወለል ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። አያትየው ሥዕሎቻችንን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «ይሄ ሁሉ ከጎን ነው የተነሳው» አሉ። «ከነደባ ላይ የተቀመጠ ሰው ጎኑን የት ያየዋል? እኛ የምናየው አናቱን ነው።»

ዝም አልን። የኬክ ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን የሚያቆሙት በኬኩ ቁመት ልክ ነው፤ ስለዚህ የሚያምረው ጎኑና ቁመቱ ነው። በእኛ ቤት ግን ሠላሳ ስድስት እንግዳ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚመለከተው። ባለ ሦስት ፎቁ ቤተ መንግሥት እዚያ ቢቀመጥ የሚታየው ትንሿ የላይኛዋ ክብ ብቻ ናት። ከጅዳ በስልክ የሚያየው አባትም ስልኩን የሚይዝለት ሰው ነደባ ላይ ነው የሚቆመው። ከዚያ ወዲያ የምንፈልገው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ አናቱ የሚያምር ኬክ ሆነ። በ30 በ40 ሳንቲሜትር ትሪ ተጋግሮ መሃሉ በክሬም የተነባበረ፣ ቁመቱ 6 ሳንቲሜትር የሚሆን ኬክ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። ስድስት በስድስት ሲቆረስ 36 ቁራጭ ይወጣዋል፤ አንዱ ከ80 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ለሕፃን ይበቃል፣ ትልቅ ሰውም ከቡና ጋር አይበዛበትም። ክብ ኬክ ቢሆን ኖሮ የሦስት ማዕዘን ቁራጩን ለሃያ ሁለት ልጅ እኩል ማድረግ ራሱን የቻለ ጦርነት ነው።

የቀረው ልጅቷ ነበረች። «ቤተ መንግሥት አይቻልም» ብንላት እንደምታለቅስ እናውቃለን። ስለዚህ አልነገርናትም። ሥዕሉን አሳይተናት «ከዚህ ውስጥ በጣም የወደድሽው የቱ ነው? በጣትሽ አሳዪን» አልናት። ባንዲራውን ወይም ሮዙን ቀለም ትነካለች ብለን ነበር። የነካችው በሩን ነው። ታች ላይ ያለውን፣ ቅስት ያለውን ቡናማ በር። «ለምን?» ስንላት «ይገባበታላ!» አለች።

ይህን ዘዴ ለሌላም ሰው እንመክራለን። ሰው ሥዕል ሲመርጥ ሥዕሉን ሁሉ የመረጠ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የወደደው አንድ ነገር ነው። ያ አንድ ነገር ከታወቀ ሌላው ሊለወጥ ይችላል። በር ደግሞ ለጁገል ልጅ ሩቅ ነገር አይደለም። በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብ ከጥንት የነበሩት በሮች አምስት ናቸው፤ ልጅቷ በጣቶቿ እየቆጠረች ጠራቻቸው። «እንግዲያው ያ ቤተ መንግሥት አንድ በር ነው ያለው፣ ያንቺ ኬክ አምስት ይኑረው?» አልናት። ፊቷ ሲበራ ሥዕሉን ከስልካችን ብናጠፋውም ግድ አልነበራትም።

በወረቀት ላይ ስለን ወደ ኬክ ቤቱ ተመለስን። ሰፊው ኬክ ፈካ ያለ ቢጫ ክሬም ይለብሳል። ዙሪያው በኮከብ አፍንጫ ባለው ቧንቧ ወፍራም የክሬም ግንብ ይደረግለታል፤ ይህ ማንኛውም ጋጋሪ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ነው። በግንቡ አምስት ቦታ ላይ በበር ቅርጽ የተቆረጡ ብስኩቶች ይቆማሉ። መሃሉ ላይ ስሟ። ጋጋሪው ወረቀቱን አይተው «ይሄ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» አሉ። ቀለሙን ፈካ ያለ ያደረግነው ለውበት ብቻ አይደለም። ደማቅ ቀይ፣ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ክሬም ብዙ ቀለም ይጠጣል፤ አፍን ይመርራል፣ ጥርስንና የዒድ ልብስን ያቀልማል። የዒድ ልብሱ ገና አዲስ ነበር።

ክሬሙ ከዱቄት የሚመታው የአትክልት ክሬም እንዲሆን ተስማማን። ከወተት ከሚወጣው ክሬም ይልቅ ከፍሪጅ ውጭ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ የሚያስጨንቀን እሱ ነበር።

እዚህ ላይ እንግዶቹን ቆጠርን። ቀኑ ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ ነው። ረመዳን ካለፈ፣ ሹዋሊድም ካለፈ በኋላ ስለሆነ በእኛ በኩል ችግር የለም። ነገር ግን የሆሳዕና ዋዜማ ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንና ሁለት የክፍላችን ልጆች ዐቢይ ጾም ላይ ናቸው። ስድስት ሰዎች፤ ከነሱ ውስጥ ሁለቱ መጾም የጀመሩ ልጆች። ጋብዞ ባዶ ሳህን ማስያዝ ነውር ነው። «የአትክልት ክሬም ስለሆነ ይበሉታል» ያለችን ነበረች፤ እሽጉን አዙረን ስናነብ ግን የወተት ፕሮቲን አለበት። የአትክልት የሚባለው ስቡ ነው እንጂ ሁሉ ነገሩ አይደለም። ኬኩ ውስጥም እንቁላል አለ።

ኬኩን በሙሉ የጾም ማድረግም አስበን ነበር። የጾም ኬክ እንቁላልና ወተት የለውም፤ በዘይት፣ በስኳር፣ በዱቄትና በቤኪንግ ፓውደር ይሠራል። ሲቆረስ ይፈረፈራል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ለስስ ትሪ ጥሩ ነው፣ ለተነባበረ ሰፊ ኬክ ግን አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ትንሽ ትሪ ለብቻው ታዘዘ። በላዩ ክሬም ሳይሆን በሎሚ የተበጠበጠ የዱቄት ስኳር ፈሰሰበት፤ ጠርዙ በተወቀጠ የባቢሌ ለውዝ ተከበበ። ለውዙ የተወቀጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ሙሉ ፍሬ ለትንንሽ ልጆች ጉሮሮ አደገኛ ነው። ለዚህም ትሪ ሁለት በር ተሰጠው፤ ስድስቱ እንግዶች የተለየ ምግብ የተሰጣቸው እንዳይመስል።

ከዚያ አንዷ እህታችን «በሩን ማን ይበላዋል?» አለች። ሃያ ሁለት ልጅ፣ ሰባት በር። በእርግጥም የልደት ልቅሶ የሚጀምረው በጌጡ ነው። ጋጋሪውን ሠላሳ በር እንዲቆርጡልን ጠየቅናቸው፤ ሰባቱ ለኬኮቹ፣ የቀሩት በሳህን ላይ፣ ለሚሰበረውም ጥቂት ትርፍ። ብስኩቱ ሁሉ በዘይት፣ ያለ እንቁላል ተሠራ፤ ስለዚህ የጾመውም ያልጾመውም ልጅ ያው አንድ ዓይነት በር ይይዛል።

ሂሳቡ እንዲህ ሆነ። 3 ኪሎው በኪሎ 1,100 ብር፣ 3,300 ብር። የጾሙ ትሪ 500። ብስኩቱ 250። መኪና 250። ሻማና የወረቀት ሳህን 200። ድምሩ 4,500፤ ሳንቲም አልተረፈም።

የመጓጓዣው ነገር በሥዕል ምርጫ ውስጥ መግባት እንዳለበት ያስተማረን ጁገል ነው። ባጃጅ በድንጋይ መንገድ ላይ ያንገጫግጫል። ስለዚህ ከቀሩት አሮጌ ፔጆዎች አንዱን ኮንትራት ያዝን። ሹፌሩ «ኋላ ወንበር ላይ አድርጉት» ቢሉንም የመኪና ወንበር ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ኬክ በላዩ ከተቀመጠ ክሬሙ ቀስ እያለ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። ሰው ጭን ላይም ያው ነው። ከታች ጠፍጣፋ ካርቶን ደልድለን ከኋላ የዕቃ መጫኛው ወለል ላይ አስቀመጥነው። ከፈረስ መጋላ በኋላ መኪና ወደ ሰፈራችን አይገባም፤ የቀረው በእጅ ነው። ሳጥኑ 45 ሳንቲሜትር ስፋት ስላለው ሁለት ሆነን በፊትና በኋላ ያዝነው፣ ሦስተኛዋ ከፊት እየቀደመች «መንገድ! መንገድ!» ትላለች። አህያ ሲመጣ ግድግዳ ተደግፈን አሳለፍን። ሦስት ፎቁን ተሸክመን ያን ቁልቁለት ስንወርድ ማሰብ ራሱ ያደክማል።

ብስኩቶቹን ለብቻቸው ነበር ያመጣናቸው። ብስኩት ክሬም ላይ ከቆመ እርጥበት ይስባል፤ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ይለሰልስና ይጎብጣል። ስለዚህ በሮቹ የተተከሉት ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እንግዶቹ ነደባ ላይ ከተቀመጡ ወዲያ፣ በልጅቷ በራሷ እጅ ነው። አንዱ የግንብ ማዕዘን በሳጥኑ ተጨፍልቆ ነበር፤ አያትየው ከጾሙ ትሪ የተረፈ ለውዝ ቆንጥረው በተኑበት፤ ከነደባ ላይ ለሚያየው የታሰበበት ጌጥ ሆነ።

ከጅዳ ያለው አባት በስልኩ ሲያይ ልጅቷ በሮቹን አንድ በአንድ እየጠራች አሳየችው። ሲቆረስ ልጆቹ መጀመሪያ የበሉት በሮቹን ነው፤ ኬኩን ከዚያ በኋላ አስታወሱት። ትልልቆቹ እናቶች ግማሽ ቁራጭ ከቁጢ ጋር ወሰዱ። የጾሙ ትሪ ግን ከሁሉ ቀድሞ አለቀ፤ ጾመኞቹ ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ ለውዙን የቀመሰው ሁሉ የቀረውን ፍርፋሪ እየለቀመ ጨረሰው። ከትልቁ አምስት ቁራጭ ተርፎ ለጎረቤት ተላከ። በማግስቱ ጠዋት ከተላከላቸው እናቶች አንዷ ስልካቸውን ይዘው በራችንን አንኳኩ፤ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ኬክ ሥዕል ነበር የያዙት።